ከ18 ደቂቃ ወሬ የአንድ ደቂቃ ምስክርነት፦ የደንበኛ ቃለ መጠይቅ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚታረም

ቀረጻው 18 ደቂቃ ነው። የሚፈለገው ግን አንድ ደቂቃ የማይሞላ ምስክርነት ነው፤ ደንበኛዋ ቀድሞ እንዴት ትሠራ እንደነበር፣ አሁን ደግሞ ምን እንደተለወጠ በራሷ አንደበት የምትናገርበት። በመካከሉ ምስጋና አለ፣ ምርቃት አለ፣ ተጀምሮ ያልተጨረሰ ታሪክ አለ፣ ገበያተኛ ገብቶ ያቋረጠው ንግግር አለ። ብዙ አዘጋጆች እዚህ ላይ ይቸኩሉና ጽሑፉን ራሳቸው ጽፈው ደንበኛዋ እንድታነበው ይሰጧታል። ያን ጊዜ ባለ ሱቋ «የሥራዬን ቅልጥፍና በእጅጉ አሻሽሎልኛል» ማለት ትጀምራለች። እንዲህ የሚናገር ባለ ሱቅ አላውቅም፤ ተመልካቹም አያውቅም።

እዚህ የማሳየው በተቃራኒው መንገድ ነው፦ የእሷን ቃል ይዞ፣ ትርፉን ቆርጦ፣ በፊትና በኋላው ፊት ለፊት እንዲቆሙ ማድረግ። ምሳሌው ለማስተማሪያ ያቀናበርኩት ነው፤ አነጋገሩ ግን በሥራዬ ዘወትር የምሰማው ዓይነት ነው። አንዲት በአዲስ አበባ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ያላት እናት፣ ዱቤ የሚመዘግብ የስልክ መተግበሪያ መጠቀም ጀምራለች። መተግበሪያውን የሠራው ትንሽ ድርጅት ምስክርነቷን በቪዲዮ ይፈልጋል።

መጀመሪያ፦ ሳታርሙ ገልብጡ

ቀረጻውን እየሰማችሁ ቃል በቃል ጻፉ። «ያው»፣ «ማለት ነው»፣ «እንግዲህ» የሚሉትን ሁሉ ጨምራችሁ ጻፉ፤ በየአንቀጹ መነሻ ላይ ደቂቃውንና ሰከንዱን አስቀምጡ። እየገለበጡ ማረም ሥራ የሚያስቀር ይመስላል እንጂ አያስቀርም፤ ምክንያቱም በችኮላ የምትዘልሉት «አልፎ አልፎ» ወይም «መሰለኝ» የሚለው ቃል በኋላ እውነቱን ከማጋነኑ የሚለየው እሱ ሆኖ ይገኛል።

የባለ ሱቋ ንግግር ሲገለበጥ፣ ለሥራ የሚሆነው ክፍል ይህን ይመስላል።

2:10 — «እንግዲህ ምን ልበልህ፣ ጥሩ ነው፣ በጣም ደስ ብሎናል፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ያው ድሮ በደብተር ነበር፣ ዱቤው ማለት ነው። ደብተሩ ደግሞ ዘይት ይነካዋል፣ እኔ ሳልኖር ልጄ ናት የምትሸጠው፣ እሷ የጻፈችውን እኔ አላነበውም፣ እና በወር መጨረሻ ሰው ሲመጣ፣ ደመወዝ ተቀብሎ፣ እኔ ይህን ያህል አለብህ ስለው እሱ አይ ይህን ያህል ነው ይለኛል። ታዲያ ምን ታደርጋለህ፣ ጎረቤት ነው፣ ትተዋለህ። አንድ ጊዜማ አንዲት... ተወው እሱን። እና እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁጭ ብዬ ስደምር ነው የምውለው፣ እስከ ማታ፣ እሱም አይገጥምም።»

9:40 — «አሁን ስልኩ ላይ ነው። ልጄ ናት ያሳየችኝ፣ መጀመሪያ አልፈለግሁም፣ ሁለት ሳምንት ያህል ሁለቱም ላይ እንጽፍ ነበር፣ አላመንኩትም ማለት ነው። አሁን ዱቤ ሲወስዱ እዚያው በስልካቸው መልእክት ይደርሳቸዋል፣ ስለዚህ ክርክር የለም፣ ማለቴ አልፎ አልፎ አለ፣ ስልክ የሌላቸው ትልልቅ ሰዎች አሉ፣ ለእነሱ አሁንም ደብተር አለ። ግን ቀንሷል። ባለፈው ወር ሁለት ሰው ብቻ ነው የተከራከረኝ።»

14:25 — «ሽያጩም ጨምሯል፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አዲሱ ኮንዶሚኒየምም ሰው ገብቶበታል። እሑድ አሁን... እሑድ አርፋለሁ። ልጆቼ ጋር ቡና እጠጣለሁ።»

ቀጥሎ ጽሑፉን አትማችሁ በሦስት ቀለም አስምሩበት፤ አንዱ ለቀድሞው ኑሮ፣ አንዱ ለለውጡ መነሻ፣ አንዱ ለአሁኑ። ቀለም ያልነካው ሁሉ ለጊዜው ይቀመጥ። ይህ የአሥር ደቂቃ ሥራ ስለሆነ ብዙ አልቆይበትም።

ሁለተኛ፦ በፊትና በኋላውን በአንድ ሚዛን ስፈሩ

ከዚህ ሥራ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። አብዛኛው የላላ ምስክርነት የሚላላው በመርዘሙ አይደለም፤ በፊቱ ስለ አንድ ነገር፣ በኋላው ስለ ሌላ ነገር ስለሚያወራ ነው። «ቀድሞ ደብተሩ ይበላሽብኝ ነበር፣ አሁን ሽያጬ ጨምሯል» ብንል ሁለቱም የእሷ ቃል ነው፤ ነገር ግን የደብተር መበላሸት ከሽያጭ ጋር ሊወዳደር አይችልም። ሰሚው ልዩነቱን ለማየት የሚለካበት ነገር የለውም።

ስለዚህ አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በግራ በኩል ስለ ቀድሞው የተናገረችውን እያንዳንዱን ነገር ጻፉ፣ በቀኝ በኩል ለዚያው ነገር የአሁን መልሱን ፈልጉ። በባለ ሱቋ ንግግር በግራ አራት ነገር ይገኛል፦ ደብተሩን ዘይት መንካቱ፣ የልጇ ጽሕፈት አለመነበቡ፣ የወር መጨረሻው ክርክር፣ በድምር የሚያልቀው እሑድ። በቀኝ በኩል ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በቀጥታ የተናገረችው ነገር የለም። ለክርክሩ ግማሽ መልስ አለ፤ «ባለፈው ወር ሁለት ሰው» ብላለች፣ ቀድሞ ስንት እንደነበረ ግን አልተጠየቀችም። ለእሑድ ግን ሁለቱም ጎን ሙሉ ነው፤ ያው ቀን፣ ያቺው ሴት፤ ቀድሞ ደብተር ላይ አቀርቅራ፣ አሁን ከልጆቿ ጋር ቡና እየጠጣች።

አከርካሪው እሑድ ነው። ይህን ስወስን ድርጅቱ ደስ እንደማይለው አውቃለሁ፤ ባለቤቶቹ የሚፈልጉት «ሽያጭ ጨመረ» የሚለውን ነው። ነገር ግን ዱቤ የሚሸጥ ሌላ ባለ ሱቅ ይህን ሲሰማ የራሱን እሑድ ያስባል። ደንበኛዋ ይህን ቀን ሳትጠየቅ ሁለት ጊዜ አንስታዋለች፤ ሰው ሳይጠየቅ ደጋግሞ የሚመለስበት ነገር ከልቡ ያለ ነው።

ክርክሩን ደግሞ ማስረጃ አድርገን ልንጠቀምበት እንችላለን፤ የጎደለውን ቁጥር ካገኘን። እዚህ ላይ ክፍተቱን በግምት መሙላት ክልክል ነው፤ ስልክ ደውሉ። አጠያየቁም ወሳኝ ነው። «ድሮ ብዙ ሰው ይከራከርዎት ነበር አይደል?» ብትሉ «አዎ፣ ብዙ» ትላለች፤ መልሱን እናንተው ሰጥታችኋታል። ይልቁንስ «በደብተር ጊዜ፣ ከወር ደመወዝ በኋላ ስንት ሰው በሒሳቡ ይከራከርዎት ነበር?» ብላችሁ ዝም በሉ። «ኧረ ሰባት ስምንት ሰው አይጠፋም» አለች እንበል። ይህ ግምት ነው፤ በስክሪፕቱም ግምትነቱን ይዞ ይግባ። «ሰባት ስምንት» የሚለውን «ስምንት» ብሎ ማስተካከል አይፈቀድም፤ የአማርኛው «ሰባት ስምንት» ራሱ በእርግጠኝነት አልቆጠርኩም ማለት ነውና።

ሦስተኛ፦ የሚወጣውን አውጡ

ምስጋናው ይውጣ። «ጥሩ ነው፣ በጣም ደስ ብሎናል» የሚለው እንግዳ አክባሪ ሰው ካሜራ ፊት የሚያቀርበው ሰላምታ ነው እንጂ መልስ አይደለም። ምርቃቱንም እዚህ አስቀረዋለሁ፤ ምርቃቱ በራሱ የሚያምር ቢሆንም መጀመሪያ ላይ ሲመጣ ሰሚው ማስታወቂያ መሆኑን አውቆ ጆሮውን ይዘጋል።

«አንድ ጊዜማ አንዲት... ተወው እሱን» የሚለው ያጓጓል። ደውሎ ታሪኩን ማስጨረስ ይቻል ነበር። ነገር ግን የምታወራው ስለ ጎረቤቷ ነው፣ ጎረቤቷም ቪዲዮውን ታያለች። ደንበኛዋ ራሷ ያቆመችውን ታሪክ አዘጋጅ አያስቀጥልም።

ሽያጩ ጨምሯል የሚለው ከሁሉ የሚያሳስት ነው። በዚያው ትንፋሽ «አዲሱ ኮንዶሚኒየምም ሰው ገብቶበታል» ብላለች። የኮንዶሚኒየሙን ቆርጦ ሽያጩን ማስቀረት ሁለት ሰከንድ አይፈጅም፣ ማንም አያውቅም፣ ከእሷ አፍም ያልወጣ ቃል አይጨመርም። እንዲህም ሆኖ ውሸት ነው፤ አዲስ ገዢ ያመጣውን ገንዘብ መተግበሪያው እንዳመጣው አድርጎ ማቅረብ ነው። በኢትዮጵያ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያ የተከለከለ ሲሆን፣ የደንበኛ ምስክርነት ደግሞ ድርጅት ሲያሰራጨው ማስታወቂያ ነው። ወይ ሁለቱም ይግቡ ወይ ሁለቱም ይውጡ። እኔ ሁለቱንም አወጣለሁ።

የማይወጣ ነገር ደግሞ አለ። «ክርክር የለም» ብላ ወዲያው «ማለቴ አልፎ አልፎ አለ» ብላ አርማለች። የመጀመሪያውን ወስዶ እርማቱን መተው ፈታኝ ነው። በአንድ ሥራ ላይ እኔም አድርጌዋለሁ፤ አንድ ነጋዴ «ችግር የለም፣ ብዙውን ጊዜ» ያለውን «ችግር የለም» ብዬ ቆረጥኩት። ቪዲዮው ከወጣ በኋላ ነጋዴው ደውሎ ያቀረበልኝ ቅሬታ አጭር ነበር፦ ባልደረቦቹ «ባለፈው ሳምንት አይደለም እንዴ ስትቸገር ያየንህ?» እያሉት ነው። ያፈረው እሱ ነው፤ ቃሉን የቆረጥኩት ግን እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ራሱ ያረመውን ቃል ያለ እርማቱ አላስገባም። ለዚህም ነው ስልክ የሌላቸው ትልልቅ ሰዎች በስክሪፕቱ ውስጥ የሚቆዩት፤ እነሱን ማንሳቷ ቀሪውን ንግግር ተዓማኒ ያደርገዋል።

አራተኛ፦ መስፋት፣ ከአማርኛው አረፍተ ነገር ጋር እየታገሉ

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ተቀብሎ»፣ «ቁጭ ብዬ»፣ «አይቼ» ብሎ የቆመ ንግግር አልተዘጋም፤ ሰሚው የሚዘጋውን ግስ ይጠብቃል። ድምፅም በዚያ ቦታ ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል። ስለዚህ በቪዲዮ ላይ የምትቆርጡበት ቦታ ሁልጊዜ ማሰሪያ ግስ ያለቀበት ይሁን፤ «አይገጥምም»፣ «ይለኛል»፣ «ትተዋለህ»። «ቁጭ ብዬ» ላይ ቆርጣችሁ ሌላ ንግግር ብትቀጥሉ ጆሮ ወዲያው ይነቃል። «ስደምር ነው የምውለው» የሚለውም ሊከፈል አይችልም፤ «ነው» ሁለቱን ወገኖች አስሮ ይዟቸዋል።

ሁለተኛው ነገር «ነበር» ነው። ባለ ሱቋ ስለ ቀድሞው ስታወራ «ነበር» ያለችው በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ዘይት «ይነካዋል»፣ ሰውየው «ይለኛል»፣ እሷም «ትተዋለህ» ትላለች። ታሪክ ስንነግር ሁላችንም እንዲህ እናደርጋለን፣ ደስም ይላል። ነገር ግን ያን የመጀመሪያ «በደብተር ነበር» የሚለውን ከቆረጣችሁ፣ ቀሪው ሁሉ የዛሬ ችግር ሆኖ ይሰማል፤ በፊቱ ከበኋላው ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ በፊት የሚጀምርበት ቦታ ላይ አንድ «ነበር»፣ በኋላ የሚጀምርበት ቦታ ላይ አንድ «አሁን» ይኑር። ሁለቱ ካሉ በመካከል ያለውን የግስ ጊዜ አትንኩት።

ስክሪፕቱ እንግዲህ ይኸውና።

«ዱቤው በደብተር ነበር። ደብተሩን ዘይት ይነካዋል፣ ልጄ የጻፈችውን እኔ አላነበውም። በወር መጨረሻ ሰው ደመወዝ ተቀብሎ ሲመጣ፣ እኔ ይህን ያህል አለብህ ስለው እሱ አይ፣ ይህን ያህል ነው ይለኛል። ታዲያ ምን ታደርጋለህ፣ ጎረቤት ነው፣ ትተዋለህ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁጭ ብዬ ስደምር ነው የምውለው፣ እስከ ማታ፣ እሱም አይገጥምም።

ልጄ ናት ይህን ያሳየችኝ። መጀመሪያ አላመንኩትም፤ ሁለት ሳምንት ያህል ሁለቱም ላይ እንጽፍ ነበር።

አሁን ዱቤ ሲወስዱ እዚያው በስልካቸው መልእክት ይደርሳቸዋል። በደብተር ጊዜ የሚከራከረኝ ሰባት ስምንት ሰው አይጠፋም፤ ባለፈው ወር ሁለት ሰው ብቻ ነው። ስልክ የሌላቸው ትልልቅ ሰዎች አሉ፣ ለእነሱ አሁንም ደብተር አለ። እሑድ አርፋለሁ። ከልጆቼ ጋር ቡና እጠጣለሁ።»

ምን እንደተነካ ልብ በሉ። «ሰው ሲመጣ፣ ደመወዝ ተቀብሎ» የነበረው ተስተካክሎ «ደመወዝ ተቀብሎ ሲመጣ» ሆኗል። «ልጆቼ ጋር» የሚለው «ከልጆቼ ጋር» ሆኗል። «ድሮ በደብተር ነበር፣ ዱቤው» የሚለው «ዱቤው በደብተር ነበር»፣ «ደብተሩ ደግሞ» የሚለው «ደብተሩን»፣ «እሷ የጻፈችውን» የሚለውም «ልጄ የጻፈችውን» ሆኗል፤ «አላመንኩትም» ከ«ሁለት ሳምንት» በፊት መጥቷል። «ይህን» የሚለው ቃል መተግበሪያውን ለማመልከት ተጨምሯል፤ ቪዲዮው ላይ በዚያ ቅጽበት ስልኩ ይታያል። ስለ ክርክሩ የተናገረችው በስልክ ከተጠየቀው ጋር ተጋጥሟል። ከዚህ ውጭ አንድም ቃል የእኔ አይደለም፤ አንድም ቅጽል አልተጨመረም። «እሑድ» ሁለት ቦታ ላይ መገኘቱ ደግሞ ሆን ተብሎ ነው፦ በፊቱ በእሱ ይዘጋል፣ በኋላውም በእሱ ይዘጋል። በመካከሉ «ለውጡ ትልቅ ነው» የሚል ንግግር አያስፈልግም።

መካከለኛውን ክፍል፣ አላመንኩትም የሚለውን፣ ለማሳጠር ብላችሁ አታውጡት። በፊትና በኋላን የሚያገናኘው ድልድይ እሱ ነው፤ ዛሬ የሚጠራጠረው ሰሚ ራሱን የሚያገኘውም እዚያ ላይ ነው። በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልቃል።

ስክሪፕቱን ጮክ ብላችሁ፣ ባለ ሱቋ በምትናገርበት ፍጥነት፣ ሰዓት ይዛችሁ አንብቡት። በእኔ ልምድ የተረጋጋ የአማርኛ ንግግር በደቂቃ ከ100 ቃል ብዙ አይርቅም፤ ይህም ከአንድ ደቂቃ እምብዛም አይዘልም። ከበዛባችሁ መጀመሪያ የሚወጣው ዘይቱ ነው፤ በቀኝ በኩል መልስ የለውምና።

አምስተኛ፦ ወደ ደንበኛዋ ተመለሱ

አሁን ሁለት መንገድ አለ። ከመጀመሪያው ቀረጻ ቆርጣችሁ የምትገጣጥሙ ከሆነ፣ ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ ደቂቃውን ጻፉ፤ እንዲህ ሲሆን የቃላቱን ቅደም ተከተል ማስተካከል አይቻልም፣ «ሰው ሲመጣ፣ ደመወዝ ተቀብሎ» እንዳለ ይቀራል፣ «ልጆቼ ጋር»ም እንዳለ። ምንም አይደለም፤ በንግግር ላይ ያምራል። በስልክ የተገኘው የሰባት ስምንት ሰው ነገር ግን በካሜራ የለም፤ ለእሱ ብቻ ተመልሶ መቅረጽ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው መንገድ እንደገና ሙሉውን መቅረጽ ነው። በዚህ ጊዜ ወረቀቱን በእጇ አትስጧት። ስክሪፕቱ በእናንተ እጅ ይሁን፤ «እስቲ ስለ ደብተሩ ጊዜ ይንገሩኝ»፣ «እሑድስ?» እያላችሁ በቅደም ተከተሉ ጠይቋት። ሁለተኛ ጊዜ ስትናገረው ነገሩን ስለምታውቀው ከመጀመሪያው ታጥራለች፣ ቃሉ ትንሽ ቢለያይም ግድ የለም። ወረቀት የያዘ ሰው ዓይኑ ከመስመር መስመር ሲሄድ ይታያል፤ ድምፁም ይደርቃል።

ከዚያ በፊት ግን አጠገቧ ተቀምጣችሁ ስክሪፕቱን አንብቡላት፤ የትኛው ቃል ከየት እንደመጣ ንገሯት። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ ይከለክላል፤ ስለዚህ ፈቃዷን በጽሑፍ ተቀበሉ፣ ቪዲዮው የት የት እንደሚታይ ጽፋችሁ። እኔ ግን ከፊርማው ይልቅ የምጠብቀው ስታዳምጥ ፊቷ ላይ የሚታየውን ነው። ባለ ሱቋ «ልጄ የጻፈችውን እኔ አላነበውም» የሚለው ላይ ስትደርሱ ቅር ብሏት፣ «ልጄ ትሰማዋለች፣ ጽሕፈቷን ያማሁባት ይመስላል» ልትል ትችላለች። አትከራከሯት፤ እንዴት ብትለው እንደምትወድ ጠይቋት። «የእሷን ጽሕፈት እኔ፣ የእኔን እሷ አናነበውም» ካለች፣ ያ ከእናንተው ይሻላል፤ የድሮውን ሰርዛችሁ እሱን ጻፉ፣ የመጀመሪያውን ቀረጻና ግልባጭ ግን አስቀምጡት። ማንም ሰው «ይህን በእርግጥ ብላለች?» ብሎ ቢጠይቅ የምታሳዩት እሱን ነው።